የጥቅምት ኪራይ፦ ጊዜ የሚጠይቅ ተከራይና ቀን ያለው ቃሉ

መስቀል ባለፈ ሳምንት ቡታጅራ ውስጥ ገንዘብ ይጠፋል። ከአዲስ አበባና ከየከተማው ለበዓሉ አገር ቤት የገባው ሰው ተመልሷል፤ በሬው ታርዶ ክትፎው ተበልቷል፤ ለወላጅ የሚወሰደው ተወስዷል፤ ለዘመድ የሚሰጠውም ተሰጥቷል። በዚያው መስከረም ውስጥ የልጆች መመዝገቢያ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ ተገዝቷል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥቅምት 1 ነው፤ የኪራይ ቀን።

ጉራጌ ለመስቀል ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባል። ለበሬው የሚጣል ዕቁብ አለ፤ ለቅቤው ከክረምቱ ጀምሮ ይታሰብበታል። በቡታጅራ ዙሪያ የሚኖረው ሙስሊሙ ጉራጌም ለአረፋ አገሩ ሲገባ እንዲሁ ነው። ለኪራይ ግን በዕቁብ የሚቆጥብ ሰው ብዙ አይገኝም። ኪራይ በየወሩ የሚመጣ ነገር ስለሆነ በየወሩ ይገኛል ተብሎ ይታመናል። ጳጉሜን ብዙ አከራይ ስለማይቆጥራት የነሐሴው ክፍያ ትንሽ የተንፈላሰሰ ይመስላል። የመስከረሙ ደግሞ ከአዲስ ዓመት ሽያጭና ከዘመድ በሚመጣ ገንዘብ ይሸፈናል። ክፍተቱ የሚታየው በጥቅምት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ጥያቄ አንድ ነው። ሥራውን ያልፈታ፣ የሚገባለት ገንዘብ ያለው፣ ግን በቀኑ ሙሉውን መክፈል ያልቻለ ተከራይ አከራዩ ዘንድ ቀርቦ ጊዜ ሲጠይቅ ምን ይዞ መቅረብ አለበት? በወልቂጤም በቡታጅራም አብዛኛው ተከራይ ቃል ብቻ ይዞ ይቀርባል። “ሳምንት ስጡኝ” ይላል። አከራዩም ከልቡ አዝኖ ይሰጠዋል፤ ሳምንቱ ያልፋል፤ ሌላ ሳምንት ይጠየቃል፤ በሦስተኛው ሁለቱም ተቀያይመዋል። ክፍያው ከመዘግየቱ ይልቅ ግንኙነቱን የሚያበላሸው ቃሉ ከየትኛውም ገንዘብ ጋር አለመያያዙ ነው።

ነገሩን በአንዲት ልብስ ሰፊ እንየው። ስሟን እንተወው፤ በሁለቱ ከተሞች እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸውና እንደ ምሳሌ እንውሰዳት። ቡታጅራ ውስጥ በአንድ ግቢ ካሉት ክፍሎች አንዱን በወር 3,500 ብር ተከራይታ ትኖራለች። አከራይዋ ባላቸው የሞተባቸው እናት ናቸው፤ ራሳቸውም የሚኖሩት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ልብስ ሰፊዋ በመስከረም ለአንድ የግል ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ሰፍታለች። ከሥራው ዋጋ 2,000 ብር ይቀራታል፤ ትምህርት ቤቱ ጥቅምት 12 እከፍላለሁ ብሏታል። መስከረም 25 ቀን ማታ ገንዘቧን ስትቆጥር እጇ ላይ 1,900 ብር አለ። ኪራዩ ሊደርስ የቀረው ከአንድ ሳምንት ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው ዝም ማለት ነው። ምናልባት እስከዚያ አንድ ነገር ይገኝ ይሆናል ብሎ እስከ ጥቅምት 1 ይጠብቃል። በ1 በሩን ዘግቶ ማልዶ ይወጣል፤ በ2 አምሽቶ ይገባል፤ በ3 አከራዩ ራሳቸው መጥተው ይጠይቁታል። በዚያ ሰዓት የሚነገር ምክንያት እውነትም ቢሆን ማምለጫ ይመስላል። ቀኑ ሳይደርስ የተነገረ እንደሆነ ግን ያው ምክንያት ምክክር ይሆናል። አከራዩም የራሳቸው ወጪ አለባቸውና ቀድመው ካወቁ የራሳቸውን ነገር ማስተካከል ይችላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቀድሞ መሄድ ነው፤ ሦስት አራት ቀን ሲቀር፣ በአካል፣ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ሲረጋጉ። በስልክ ወይም በአጭር መልእክት መጀመር አንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ እንደ ንቀት ይቆጠራል። ጽሑፉ ኋላ ይደርሳል።

ልብስ ሰፊዋ ከመሄዷ በፊት ግን አንድ ማታ ከወረቀት ጋር መቀመጥ አለባት። የዕቅዱ ጥንካሬ ያለው እዚህ ነውና ቀስ ብለን እንከተላት።

እጇ ላይ ካለው 1,900 ብር ሁሉንም ብትሰጥ ለክርና ለጨርቅ ገንዘብ ታጣለች፤ የስፌት መኪናው ይቆማል፤ መኪናው ከቆመ ደግሞ ቀሪው ዕዳ የሚከፈልበት ገንዘብ አይመጣም። ለሥራውና ለምግብ 700 ብር አስቀርታ 1,200 ብር መስጠት ትችላለች። ከ3,500 ላይ 1,200 ሲነሣ 2,300 ይቀራል።

ይህ 2,300 ከየት ይመጣል? የመጀመሪያው ሐሳብ ከዕለት ገቢ መክፈል ነው። ከምግብ፣ ከክር፣ ከሱቅ ድርሻና ከዕቁብ በኋላ በቀን 160 ብር ገደማ ይተርፋታል። እሑድ አትሠራም፤ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት አምስት እሑዶች ስላሉ የሥራው ቀን 25 ነው። 25 ቀን በ160 ሲባዛ 4,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ 2,300 ለጥቅምት ዕዳ ብትሰጥ 1,700 ይቀራል። ኅዳር 1 ግን ሌላ 3,500 ብር ይፈለጋል። ማለትም የጥቅምትን ቀዳዳ በዕለት ገቢዋ ከደፈነች ኅዳር ላይ ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል፤ የሚጎድላት 1,800 ብር ሲሆን በዚያ ጊዜ ከትምህርት ቤት የሚጠበቀው 2,000 ብር ለሌላ ነገር ወጥቶ ሊሆን ይችላል። በተከራይና በአከራይ መካከል ለወራት የሚንከባለለው ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ተከራዩ ክፍያውን እንደ ቃሉ ፈጽሟል፤ ነገር ግን የፈጸመው ከሚቀጥለው ወር ኪራይ ቀንሶ ነው። አከራዩም ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ሲከፈል አይተው ደስ ይላቸዋል፤ ችግሩን የሚያዩት በ30 ቀኑ ነው።

ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ሁለቱን ገንዘቦች ለየች። የዕለቱ ገቢ የኅዳር ኪራይ ነው፤ አይነካም። የጥቅምት ዕዳ የሚከፈለው ከትምህርት ቤቱ 2,000 ብር ነው። ከዕለቱ ገቢ የምትቀንሰው 300 ብር ብቻ ነው፤ 4,000 ላይ 300 ሲነሣ 3,700 ይቀራል፤ የኅዳርን 3,500 ከፍላ 200 ይተርፋታል። እነሆ ዕቅዱ ተገኘ፦ ጥቅምት 1 1,200 ብር፣ ጥቅምት 15 2,000 ብር፣ ጥቅምት 22 300 ብር።

ትምህርት ቤቱ የሰጣት ቀን 12 ሲሆን ለምን 15 አለች? ሌላ ሰው የሰጠህን ቀን ያለ ምንም ልዩነት ለሦስተኛ ሰው ቃል አድርገህ መስጠት የሌላውን መዘግየት የራስህ ውሸት ያደርገዋል። የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ አንድ ቀን ባይገኝ፣ ፊርማ ቢዘገይ፣ የባንኩ መረብ ቢቋረጥ ሦስት ቀን ይበቃል። ከሦስት ቀን በላይ ማራቅ ደግሞ ገንዘቡ እጅ ላይ ገብቶ እንዲበላ ቦታ ይሰጠዋል። ይህን ልዩነት ከልምድ የሚያውቁት ነጋዴዎች ናቸው፤ የማረቆ በርበሬ ገዝቶ የሚሸጥ የቡታጅራ ነጋዴ ገዢው “ማክሰኞ” ሲለው ለራሱ ሐሙስ ብሎ ይይዛል።

ኪራዩ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀር ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልብስ ሰፊዋ የአከራይዋን በር አንኳኳች። እናስበው።

“እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግቢ፣ ቡና ደርሷል።”

አንደኛው ስኒ እስኪጠጣ ስለ መስቀሉ፣ ስለ አገር ቤት ሰው ተጠያየቁ። ወሬውን ወደ ጉዳዩ ለማምጣት ረጅም መንገድ አልሄደችም።

“አንድ ነገር ላማክርዎት ነው የመጣሁት። የጥቅምትን ኪራይ በ1 ሙሉውን መስጠት አልቻልኩም። በ1 አንድ ሺህ ሁለት መቶ እሰጥዎታለሁ። ለትምህርት ቤት የሰፋሁበት ሁለት ሺህ በ12 ይከፈለኛል፤ በ15 ለርስዎ አስገባለሁ። ሦስት መቶዋን በ22 እጨርሳለሁ። የኅዳሩ ከዚህ አይነካካም፤ በ1 እንደ ወትሮው ይደርስዎታል።”

ሴትዮዋ ዝም ብለው ቆዩ። “ያ ትምህርት ቤት ባይከፍልስ?”

“ካልከፈለኝ 15 እስኪደርስ አልጠብቅም፤ እንዳወቅሁ መጥቼ እነግርዎታለሁ። ያን ጊዜ ደግሞ ከዕለት የማስቀምጠው አለኝ፤ ከሱ ቀንሼ የቻልኩትን አመጣለሁ።”

“እኔም በ20 ዕቁብ አለብኝ። እሱን ማሳለፍ አይሆንልኝም።”

ለማንኛውም ጊዜ ጠያቂ ትልቁ ትምህርት ያለው በዚህች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። አከራይ የራሱ ቀን አለው። ዕቁብ፣ ዕድር፣ የልጅ ክፍያ፣ የመድኃኒት ወጪ፣ የባንክ ብድር ሊሆን ይችላል። ትንሽ ቤት የሚያከራዩ ብዙ ሰዎች በኪራዩ ነው የሚኖሩት፤ አንድ ወር ሙሉ ኪራይ ሳይመጣ ቢቀር እነሱም ሌላ ዘንድ ጊዜ ለመጠየቅ ይሄዳሉ። ልብስ ሰፊዋ ዕቅዷን ስታወጣ ይህን አታውቅም ነበር፤ እንደ ዕድል ሆኖ 2,000 ብሩ ከ20 በፊት ወድቋል። ባይወድቅ ኖሮ እዚያው ቀኑን ማዛወር ነበረባት። ስለዚህ ዕቅዱን ከመናገር በፊት ወይም ወዲያው በኋላ “ለርስዎ የማያልፍ ቀን የትኛው ነው?” ብሎ መጠየቅ ይገባል። የአከራዩ ቀን ከታወቀ ትልቁን ክፍያ ከሱ በፊት፣ ትንሹን ከሱ በኋላ ማድረግ ይቻላል፤ ድምሩ ሳይለወጥ ሸክሙ ይቀልላቸዋል።

ያልተናገረቻቸውን ነገሮችም ልብ በሉ። ስለ ችግሯ ብዛት፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ዘመኑ አላነሣችም። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ አከራይዋም በየቀኑ ገበያ ወጥተው ያዩዋቸዋል። ብዙ ሐዘን ያለበት ንግግር ግን አድማጩን ወደ ሁለት ነገሮች ይገፋዋል፤ ወይ ያዝንና ሳያምንበት እሺ ይላል፣ ወይ ይጠራጠራል። ሽማግሌም ይዛ አልሄደችም። በጉራጌ ሽማግሌ ትልቅ ነገር ነው፤ የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ ለትውልዶች ጠብ ሲያበርድ የኖረ ሥርዓት ነው። ለአንድ ወር ኪራይ ሽማግሌ ይዞ መቅረብ ግን ነገሩን ከሚገባው በላይ ያከብደዋል፤ አከራዩን እምቢ የማለት ነፃነት ይነሣቸዋል፣ ለሚቀጥለው ችግርም መካሪ አይተርፍም። ሽማግሌ የሚጠራው ቃል ተሰብሮ ቅያሜ ሲመጣ ነው።

ጥቅምት 1 ማለዳ 1,200 ብሩ ሲሰጥ አብሮ መተማመኛ ይጻፋል። ትንሽ ወረቀት ናት፤ ግን ብዙ ሰው በሐፍረት ምክንያት ይተዋታል። “በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል?” ይባላል። ወረቀቱ የሚያስፈልገው አንዱ ሌላውን ስለማያምን አይደለም፤ ሁለት ሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድን ንግግር ሁለት ዓይነት ስለሚያስታውሰው ነው። የልብስ ሰፊዋ መተማመኛ እንዲህ ይላል፦

“እኔ ተከራይ ከወርኃዊ ኪራይ ብር 3,500 (ሦስት ሺህ አምስት መቶ) ውስጥ ለጥቅምት 2018 ዓ.ም. ዛሬ ጥቅምት 1 ቀን ብር 1,200 (አንድ ሺህ ሁለት መቶ) ከፍያለሁ። ቀሪውን ብር 2,300 (ሁለት ሺህ ሦስት መቶ) ጥቅምት 15 ቀን ብር 2,000፣ ጥቅምት 22 ቀን ብር 300 አድርጌ በአከራይዬ የባንክ ሒሳብ አስገባለሁ። የኅዳር ኪራይ ከዚህ የተለየ ነው፤ ኅዳር 1 ቀን ይከፈላል። እኔ አከራይም ክፍያውን በተጻፉት ቀናት ለመቀበል ተስማምቻለሁ፤ ቀናቱ ከተጠበቁ በዚህ ቀሪ ገንዘብ ምክንያት ቤቱን ልቀቂ አልልም።”

ከሥሩ የሁለቱ ስምና ፊርማ፣ የአንድ ምስክር ፊርማ። በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ አንዱን ይይዛል። ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም መጻፉ፣ ቀኑ ወርና ዓመት መያዙ፣ የኅዳሩ ኪራይ ተለይቶ መነሣቱ ሁሉም ምክንያት አለው። የመጨረሻዋ የአከራይዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ያለሷ ወረቀቱ ተከራይዋ ዕዳ እንዳለባት የሚመሰክር ብቻ ይሆናል፤ ጊዜ እንደተሰጣት አይናገርም።

የተከፈለው በባንክ ወይም በቴሌብር ከሆነ የግብይት ቁጥሩ ያለበትን መልእክት ማስቀመጥ ይበቃል፤ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ “የጥቅምት ኪራይ” ማለት ደግሞ ገንዘቡ ለመብራትና ለውሃ መዋጮ ነው ወይስ ለኪራይ የሚለውን ክርክር አስቀድሞ ይዘጋል። በእጅ ከሆነ በመተማመኛው ጀርባ ቀኑንና መጠኑን ጽፎ አከራዩን ማስፈረም ነው። በየጊዜው በእጅ እየተሰጠ ያልተመዘገበ ትንሽ ትንሽ ገንዘብ ለጠብ የሚተርፍ ገንዘብ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ጊዜ የሚጠይቅ ሰው ሕግ ጠቅሶ መጀመር የለበትም፤ ግን የቆመበትን መሬት ቢያውቅ ንግግሩ ይረጋጋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ በሚናገርበት ክፍል ተከራይ ኪራይ ሲያዘገይ አከራዩ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ጊዜ ሊወስንለት እንደሚችል፣ በዚያ ጊዜ ካልከፈለ ውሉ እንደሚቋረጥ ይደነግጋል። ጊዜው ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ውል ከ30 ቀን፣ ለሌላው ከ15 ቀን ማነስ የለበትም። ስለዚህ “ዛሬውኑ ውጣ” የሚል ቃል ሕጋዊ ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ በር መቆለፍ ወይም ዕቃ ማውጣትም እንዲሁ፤ ማስለቀቅ በፍርድ ቤት የሚያልፍ ጉዳይ ነው። በሌላ በኩል 15 ቀን አጭር ናት። ልብስ ሰፊዋ ዝም ብትል ኖሮ አከራይዋ ጥቅምት 3 ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ጥቅምት 18 ውሉን ማቋረጥ በቻሉ ነበር። የጠየቀችው እስከ ጥቅምት 22 ያለው ጊዜ ከዚህ የሚበልጥ ነው፤ የሚያጸናውም ሕጉ ሳይሆን ስምምነታቸው ነው።

አዲሱ ሕግም አለ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዝዛል። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ይፈልጋል። አዋጁ በክልል ከተሞች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሉ በሚወስናቸው ላይ ስለሆነ ተከራዩ በከተማው አስተዳደር የሚመለከተውን ክፍል ጠይቆ የራሱን ከተማ ሁኔታ ማረጋገጥ አለበት። ብዙ አከራይ ወረቀት የሚፈራው በሌላ ምክንያት ነው፤ ከቤት ኪራይ በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር አለ። ይህን ፍርሃት ማወቅ ጠቃሚ ነው። ወረቀት አልፈርምም ያለ አከራይ ሁሉ ክፉ ሐሳብ ያለው አይደለም፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ተከራዩ ስምምነቱን በራሱ ስልክ ጽፎ በመልእክት ቢልክላቸውና “እሺ” የሚል መልስ ቢያገኝ ከምንም ይሻላል።

አሁን ወደ ወልቂጤ እንሻገር፤ እዚያ ያለው ጥያቄ ትንሽ ይለያልና። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በጉብሬ ያለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች አሉባት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ መሥሪያ ቤቶች በበርካታ ከተሞች ስለተከፋፈሉ ወልቂጤም ቡታጅራም ከሌላ አካባቢ የተዛወሩ ሠራተኞችን ተቀብለዋል። ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። በእነዚህ ከተሞች ያለ ደመወዝተኛ ተከራይ ገንዘቡ የሚመጣበትን ቀን በራሱ አያውቀውም። ደመወዝ ሲዘገይ ምን እንደሚሆን በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በወላይታና በሀዲያ መምህራን ላይ የደረሰው ያሳያል፤ በሰፊው ተዘግቦ ነበር፤ ወራት የፈጀ መዘግየት ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው “ደመወዝ ሲገባ እከፍላለሁ” ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን ቀን የለውም። አከራዩ ይህን ሲሰማ አደጋውን ሁሉ ለብቻው እንዲሸከም እንደተጠየቀ ይቆጥረዋል። በሌላ በኩል የማያውቀውን ቀን ቆርጦ ቢናገር ቃሉን በገዛ እጁ ይሰብራል። መውጫው ሁለት መሥመር መጻፍ ነው። አንደኛው፣ ደመወዝ በገባ በማግስቱ ቀሪው ሁሉ ይከፈላል። ሁለተኛው፣ ደመወዝ ገባም አልገባ በዚህ ቀን ይህን ያህል ይከፈላል። ሁለተኛው መሥመር ከደመወዙ ውጭ ምንጭ ያስፈልገዋል። ለብዙ መምህር የመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊሆን ይችላል፤ ግን እዚያም ማመልከቻ፣ ዋስና የኮሚቴ ውሳኔ አለ፤ ዛሬ ጠይቆ ነገ አይገኝም። ስለዚህ ቀኑን ከመስጠት በፊት ማኅበሩ መቼ እንደሚሰበሰብ መጠየቅ የግድ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ክፍል ክፍያው መዘግየቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ማምጣትም ይረዳል፤ ደብዳቤው ገንዘብ አይሆንም፣ ነገር ግን አከራዩ ተከራዩ ደመወዙን ተቀብሎ ለሌላ አውሎታል ብለው እንዳይጠረጥሩ ያደርጋል።

ዕቁብ ያለው ደግሞ ሌላ በር አለው። ዕጣው ያልደረሰው ሰው ለዳኛው ችግሩን ነግሮ ዕጣው ከደረሰው ጋር ሊለዋወጥ ወይም ሊገዛ ይችላል። ይህ ግን ዋጋ አለው፤ ዕጣ የሚሸጥ ሰው ከጠቅላላው ላይ የሚያስቀረው አለ፣ ዋስም ይፈለጋል። ለአንድ ወር ኪራይ ጉድለት የዓመቱን ዕቁብ አስቀንሶ መውሰድ አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ የሚታሰብ ነው።

ልብስ ሰፊዋን ቡታጅራ ትተናት ነበር። ዕቅዷ የተፈተነው ጥቅምት 13 ነው። ትምህርት ቤቱ 1,400 ብር ብቻ ከፈላት፤ 600 ብሩን “በ28 ነይ” አላት። አሁን የሚፈለገው እርምጃ 15 እስኪደርስ አለመጠበቅ ነው። 14 ማታ ወደ አከራይዋ ሄደች።

“እትዬ፣ የነገው 1,400 ነው። ስድስት መቶው ለ28 ተሻገረብኝ። ለርስዎ ግን ዕቁብዎ ስላለ በ20 እሰጥዎታለሁ፤ ሦስት መቶዋ እንደ ቃላችን በ22 ናት።”

600 ብሩ ከየት መጣ? ከጥቅምት 1 እስከ 20 ሦስት እሑዶች ሲቀነሱ 17 የሥራ ቀን አለ፤ በ160 ሲባዛ 2,720 ብር። ይህ ለኅዳር የምታስቀምጠው ነው፤ ከሱ ላይ 600 ትወስዳለች፣ ትምህርት ቤቱ በ28 ሲከፍል ትመልሰዋለች። እንዲህ ስታደርግ የትምህርት ቤቱ መዘግየት ከአከራይዋ ትከሻ ወርዶ እሷ ላይ ዐረፈ። ትምህርት ቤቱ በ28 ባይከፍልስ? 4,000 ላይ 300ና 600 ሲነሣ 3,100 ይቀራል፤ ለኅዳር ኪራይ 400 ብር ይጎድላታል። ይህን ቁጥር 14 ማታ ላይ ታውቀዋለች፤ ስለዚህ ለ400 ብር መፈለጊያ ሁለት ሳምንት አላት። አንድ ተጨማሪ የማስተካከያ ሥራ መቀበል፣ ወይም ለአንድ ደንበኛ ግማሽ ቀብድ መጠየቅ ይበቃዋል። ይህ ስሌት ባይኖራት ኖሮ 400 ብር መጉደሉን የምታውቀው ጥቅምት 30 ማታ ላይ ይሆን ነበር።

ቀኑ ሲሻገር በመተማመኛው ላይም መጻፍ አለበት። “ጥቅምት 15 የሚከፈለው ብር 2,000 ወደ ብር 1,400 ተለውጧል፤ ብር 600 ጥቅምት 20 ይከፈላል” ተብሎ በሁለቱም ቅጂ ተጽፎ ይፈረማል። ያለዚህ የመጀመሪያው ወረቀት ቃሏ እንደተሰበረ ይመሰክርባታል። አንድ ጊዜ መለወጥ፣ ያውም ቀኑ ሳይደርስና ከፊል ገንዘብ ይዞ፣ አከራይን አያስደነግጥም። ሁለተኛ ጊዜ ከተለወጠ ግን ሁለቱም ወገን ዕቅዱ ሳይሆን የኪራዩ መጠን ከገቢው ጋር ይስማማል ወይ ብለው መነጋገር ይኖርባቸዋል፤ በዚያ ጊዜ አነስ ያለ ክፍል መፈለግ ወይም የሚጋራ ሰው ማምጣት ከሌላ ቀጠሮ ይሻላል።

ጥቅምት 22 የመጨረሻዋ 300 ብር ስትገባ አንድ ሥራ ይቀራል። ሁለቱም ቅጂ ላይ “የጥቅምት 2018 ዓ.ም. ኪራይ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል” ተብሎ ቀን ተጽፎበት አከራይዋ ይፈርማሉ። ብዙ ተከራይ በመጨረሻው ክፍያ ደስታ ይህን ይረሳል። ያልተዘጋ መተማመኛ አከራይዋ ቤቱን ለልጃቸው ባስረከቡ ጊዜ፣ ወይም ተከራይዋ ቅድሚያ ክፍያዋ እንዲመለስላት ስትጠይቅ፣ ከመሳቢያ ወጥቶ 2,300 ብር ዕዳ ሆኖ ሊቆም ይችላል። ልብስ ሰፊዋ የራሷን ቅጂ ከባንክ መልእክቶቹ ጋር አድርጋ ቤቱን እስክትለቅ ድረስ ታስቀምጠዋለች።